ከእሑድ ላይቭ ቁም ቅንጫቢ ስናወጣ፦ የት ጀምሮ የት ያልቃል?

አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት የወንጌላውያን ቤተክርስቲያን በሚዲያ ክፍል አገለግላለሁ። እሑድ እሑድ አምልኮውን በዩቲዩብ በቀጥታ እናስተላልፋለን። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በማግስቱ ከዚያው ቅጂ ላይ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ቅንጫቢዎች እናወጣለን። ስልኩን አቁሞ ለሚያይ ሰው የሚሆኑ፣ ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማይበልጡ ናቸው።

ከሌሎች አጥቢያዎች የሚደውሉልኝ የሚዲያ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ሶፍትዌር ነው። በምን ትቆርጣላችሁ? በስልክ ይሆናል ወይ? በስልክም ይሆናል፣ በኮምፒውተርም ይሆናል። ቅንጫቢውን የሚያበላሸው ሶፍትዌሩ አይደለም። መዝሙሩ ቃሉ መሃል ላይ ሲጀምር፣ ሰባኪው ሐሳቡን ሳይጨርስ ሲቋረጥ፣ ወይም ቅንጫቢውን የወደደ ሰው ሙሉውን ቪዲዮ ከፍቶ ያቺን ቦታ ሲያጣት ነው የሚበላሸው። እዚህ የምጽፈውም ስለነዚህ ነው።

ምልክቱ የሚደረገው እዚያው አምልኮው ላይ ነው

ሁለት ሰዓት ተኩል ቅጂ ከፍቶ "ያ ጥሩ ቦታ የት ነበር?" እያሉ መፈለግ ቀን ይበላል። ስለዚህ ምልክት የምናደርገው አምልኮው እየሄደ ነው።

የምንጠቀመው ኦቢኤስ የተባለውን የመቅጃና የማሰራጫ ሶፍትዌር ነው። ከ30.2 እትም ጀምሮ ከቅጂ ፎርማቶቹ መካከል `Hybrid MP4` የሚባል አለ። እሱን ከመረጣችሁ በኋላ `Settings` ውስጥ `Hotkeys` የሚለውን ክፈቱና `Add Chapter Marker` ለሚለው አንድ ቁልፍ ስጡት። እኛ F9ን ሰጥተነዋል። ቁልፉ በተነካ ቁጥር ቅጂው ውስጥ የሰዓት ምልክት ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ምልክቶቹን በዚህ ማየት ይቻላል፦

```
ffprobe -v error -show_chapters service.mp4
```

ይህ ፎርማት ሌላም ጥቅም አለው። ተራ MP4 እየተቀዳ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ አይከፈትም፤ የሁለት ሰዓት ቅጂ አለቀለት ማለት ነው። `Hybrid MP4` ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለውን ያተርፋል። የቆየ ኦቢኤስ ያላችሁ በ`MKV` ቅዱ። እሱም ከመብራት መጥፋት ያመልጣል፤ በኋላ `Remux Recordings` በሚለው ወደ MP4 ይቀየራል። ብቻ ምልክት የማድረጊያው ቁልፍ በ`MKV` አይሠራም፤ ሁሉንም በደብተር መያዝ ይኖርባችኋል።

ደብተር ደግሞ ለማንም ያስፈልጋል። ቁልፉ የሚይዘው ሰዓቱን ብቻ ነው። ምን እንደነበረ የሚነግረን ደብተሩ ነው። "መዘምራን፣ ሁለተኛው መዝሙር፣ አዝማቹ ሲደገም ሕዝቡ አብሮ ቆመ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። ይሄ ሰው ካሜራ የሚቀያይረው ልጅ መሆን የለበትም፤ የእሱ ዓይን ሥራ ላይ ነው። እኛ ጋ ይህን የምትሠራው በዚያ ሳምንት ተራዋ ያልሆነች ዘማሪ ናት። መዝሙሮቹን ታውቃቸዋለች። "ቆይ፣ ይሄ አዝማች ገና ይመለሳል" የምትለኝ እሷ ናት። በእርግጥም ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ የተሻለ ሆኖ ነው። እንዲህ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ሁለት ዓይነት ምልክት ለዩ። አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል የሚለወጥበት ነው፤ ጸሎት አልቆ ዝማሬ ሲጀምር፣ ማስታወቂያ አልቆ ስብከት ሲገባ። ይሄ ለምዕራፍ ነው። ሌላው ለቅንጫቢ የሚሆን ቅጽበት ነው፤ በደብተሩ ላይ ኮከብ ይደረግበታል። የኮከቡ ቁልፍ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚነካው፣ ምክንያቱም ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ኮከብ ያለበትን ቦታ ስትከፍቱ አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ማድመጥ ጀምሩ።

ሦስት ሰዓት አለ፣ ሦስቱም አይገጥሙም

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው የግድግዳው ሰዓት ነው፤ ጠዋት 3፡40 ምናምን። ቅጂው ደግሞ `Record` ከተነካበት ጀምሮ ከዜሮ ይቆጥራል። ዩቲዩብ ላይ የቀረው ቪዲዮም ስርጭቱ ከጀመረበት ከራሱ ዜሮ ነው የሚነሳው።

የደብተሩን ማስታረቅ ቀላል ነው። መቅዳት ስንጀምር የግድግዳው ሰዓት ስንት እንደነበር ደብተሩ አናት ላይ ይጻፋል፤ የቀረው መቀነስ ነው።

የቅጂውንና የዩቲዩቡን ለማስታረቅ ግን አንድ ጉልህ ድምፅ ፈልጉ። ለምሳሌ አንድ አገልጋይ ማይክ ሲሞክር መታ መታ ያደረገበት፣ ወይም ድራሙ የመጀመሪያውን የመታበት ቦታ። አንዱን እሑድ በምሳሌነት ልውሰድ። የማይኩ ድምፅ በቅጂው ላይ 8:05 ላይ አለ፤ በዩቲዩቡ ላይ 1:45 ላይ። ልዩነቱ 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ከቅጂው ያገኘሁትን ሰዓት ሁሉ በዚያ ልክ ስቀንስ የዩቲዩቡን አገኛለሁ። ተመልካቹ ጋ ስርጭቱ ዘግይቶ መድረሱ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ የቀረው ቪዲዮ የሚቆጥረው በራሱ ነው።

ነገር ግን ልዩነቱን መጀመሪያ ላይ ብቻ አይታችሁ አትመኑት። ኢንተርኔት መሃል ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቅጂ ይቀጥላል፣ ዩቲዩብ ጋ ግን ያቺ ክፍተት አትኖርም። በዚያው እሑድ የስብከቱ መጨረሻ በቅጂው 1:45:00 ላይ ነበር፤ በዩቲዩቡ 1:37:25 ላይ። ልዩነቱ 7 ደቂቃ ከ35 ሆኗል። በመሃል 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ተውጧል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የተቋረጠበትን ቦታ ፈልጎ ከዚያ በፊት ላሉት 6:20፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 7:35 መቀነስ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ አንድ ጊዜ መለካት ይህን ያጋልጠዋል።

ምዕራፎቹ

ዩቲዩብ ላይ ምዕራፍ የሚሠራው በቪዲዮው መግለጫ ውስጥ ሰዓትና ርዕስ በመጻፍ ነው። ሕጉ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው መስመር 0:00 መሆን አለበት። ቢያንስ ሦስት መስመር ያስፈልጋል፣ ሰዓቱም በቅደም ተከተል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሁሉም ምዕራፎች ይቀራሉ። ሰዓቶቹ ሰማያዊ ሊንክ ሆነው ይታያሉ፤ ከታች ያለው መስመር ግን አይከፋፈልም። እንዳልሠራ የምታውቁት በዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከ0:00 ላይ ነው፤ ሰው የመጀመሪያውን መስመር ጸሎቱ ከጀመረበት ከ2:10 ይጀምረዋል።

የዚያ እሑድ እንዲህ ነበር፦

```
0:00 መክፈቻ ጸሎት
8:20 የጋራ ዝማሬ
41:04 መዘምራን፦ የምስጋና መዝሙር
49:30 ማስታወቂያና መባ
57:45 ስብከት፦ ጸሎትና ሥራ
1:37:25 የምላሽ ጸሎት
```

41:04ን እንዴት እንዳገኘሁት ላሳይ። የF9 ምልክቱ በቅጂው 47:41 ላይ ነው። ከፍቼ ስሰማ መሪ ዘማሪዋ አፏን የከፈተችው 47:32 ላይ ነው፤ ምልክቱ 9 ሰከንድ ዘግይቷል። ኪቦርዱ መግቢያውን የጀመረው ደግሞ ከዚያ 8 ሰከንድ ቀደም ብሎ 47:24 ላይ ነው። ከእሱ 6:20 ሲቀነስ 41:04 ይሆናል። ምዕራፍ ሲከፈት ሰው መግቢያውን መስማት አለበት። ቃሉ ላይ ዘሎ መግባት ያስደነግጣል። ለስብከትም እንዲሁ፤ ሰባኪው "ሰላም ለእናንተ ይሁን" ከማለቱ ጥቂት ሰከንድ በፊት ይሁን።

ርዕሶቹን ስትጽፉ "አምልኮ 1፣ አምልኮ 2" አትበሉ። ለዚህ ምክንያት አለኝ። ዩቲዩብ ሾርት ላይ መግለጫና ኮሜንት ውስጥ የሚጻፍ ሊንክ ቢነኩት አይሠራም። ያለው አማራጭ `Related video` በሚለው ከሙሉው ቪዲዮ ጋር ማያያዝ ነው። ተመልካቹ ያንን ሲነካ ሙሉው ቪዲዮ ይከፈትለታል እንጂ ቅንጫቢው ያለበት ደቂቃ ላይ አይወስደውም። እዚያ ሲደርስ የሚያድነው ምዕራፉ ነው። ስለዚህ ቅንጫቢውና ምዕራፉ አንድ ስም ይኑራቸው። ቅንጫቢው "የምስጋና መዝሙር" ከተባለ ምዕራፉም "የምስጋና መዝሙር" ይባል። ሰውየው ዓይኑን አንድ ጊዜ ጣል አድርጎ ያገኘዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከስርጭቱ መጀመሪያ ላይ ባዶ መድረክ የሚታይበትን ለማስወገድ ቪዲዮውን ዩቲዩብ ውስጥ የምትቆርጡ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቁረጡ፣ ከዚያ ምዕራፍ ጻፉ። መግለጫው ውስጥ ያለው ሰዓት አብሮ አይስተካከልም።

መዝሙር የት ይጀምራል፣ የት ያልቃል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከመዝሙር ቅንጫቢ ስናወጣ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው አዝማቹን ነው። በእኛ አምልኮ አዝማች አራትና አምስት ጊዜ ይደገማል። ችግሩ ያለው መሪው ላይ ነው፤ መሪ መሪ ስለሆነ። ሕዝቡ የመጨረሻውን ስንኝ ሳይጨርስ የሚቀጥለውን መስመር ቀድሞ ይናገራል፣ "እንደገና!" ይላል፣ "ሁላችንም!" ይላል። በአዳራሹ ይሄ ትክክለኛ ነው፤ አምልኮው የሚመራው እንዲህ ነው። ለቅንጫቢ ግን መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ሊጀምር ሲል የሚቋረጥ ድምፅ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን መጨረሻ በድምፅ ማደብዘዝ ለመሸፈን አትድከሙ። ሌላ ዙር ፈልጉ። አዝማቹ አራት ጊዜ ከተደገመ አራቱንም ስሙ። መሪው ዝም ያለበት፣ ወይም ከማይኩ ፈቀቅ ብሎ ሕዝቡን ያስዘመረበት አንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። መግቢያውም መውጫውም ንጹሕ የሆነው ዙር፣ ዘማሪው ድምፁን ከፍ ካደረገበት ዙር ይልቅ ለቅንጫቢ ይሻላል። በእኛ ምሳሌ አዝማቹ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ላይ "እንደገና" አለበት። ሦስተኛው ላይ ዘማሪዋ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረች። የወሰድነው እሱን ነው፤ በቅጂው ከ50:18.6 እስከ 51:06.2፣ ማለትም 47.6 ሰከንድ።

ስትጀምሩ ቃሉ ላይ አትጀምሩ፣ ትንፋሹ ላይ ጀምሩ። ዘማሪ ከመዘመሩ በፊት አየር ይስባል። ያቺ ትንፋሽ ከተቆረጠች የመጀመሪያው ፊደል ተነክሶ ይሰማል። ከቃሉ በፊት ከ0.3 እስከ 0.4 ሰከንድ ያህል ተዉ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የድምፅ ሞገድ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ድራሙ ጎልቶ ይታያል፣ ትንፋሹ ግን አይታይም። ሄድፎን አድርጋችሁ ስሙ።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ስንኙ አለቀ ብላችሁ አትቁረጡ። ኪቦርዱ ወደ መነሻው ድምፅ እስኪመለስ ጠብቁ። ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ አለው፤ ሙዚቃ ያልተማረ ሰው እንኳ ሲያርፍ ይሰማዋል። ካረፈ በኋላ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ድምፁ ቀስ ብሎ ይውረድ። ለስብከት ግን ይሄ ይረዝማል፤ ለንግግር ሩብ ሰከንድ ይበቃል።

ከመዝሙሩ መሃል አንድ ዙር አውጥታችሁ ሁለቱን ጫፍ ማገጣጠም ከፈለጋችሁ፣ ምቱ የሚመታበት የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ማያያዝ ነው። ይሄ የሚሆነው ሙዚቀኞቹ በጆሯቸው ክሊክ እየሰሙ ሲጫወቱ ነው። ክሊክ ከሌለ መዝሙሩ እየሞቀ ሲሄድ ፍጥነቱም ይጨምራል፤ ከመጀመሪያው ዙርና ከአራተኛው የተወሰደ ሲገጣጠም መገጣጠሚያው ላይ ይደናቀፋል። ያኔ ባትነኩት ይሻላል።

ምስሉንም እዩት። ካሜራ በተቀየረበት ቦታ አጠገብ ከጀመራችሁ፣ የቀድሞው ካሜራ ምስል ለሁለት ሦስት ፍሬም ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዓይን ምን እንደሆነ አይለየውም፣ ግን ይረብሸዋል። መፍትሔው ድምፁን ከትንፋሹ ጀምሮ ምስሉን ከአዲሱ ካሜራ ማስጀመር ነው፤ ለጥቂት ፍሬም ብቻ ስለሆነ ከንፈርና ድምፅ እንዳይለያዩ ምስሉን አትግፉት፣ የአዲሱን ካሜራ የመጀመሪያ ፍሬም አስረዝሙት።

ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማውጣት ለሚፈልግ ይኸው፦

```
ffmpeg -ss 00:50:18.6 -to 00:51:06.2 -i service.mp4 \
 -vf "crop=608:1080:700:0,scale=1080:1920,setsar=1" \
 -af "afade=t=in:d=0.08,afade=t=out:st=46.1:d=1.5" \
 -c:v libx264 -crf 18 -c:a aac -b:a 192k clip.mp4
```

46.1 የመጣው ከ47.6 ላይ 1.5 ተቀንሶ ነው። በፍጥነት ለመጨረስ ብላችሁ `-c copy` አትጠቀሙ። እንዲያ ሲሆን ቪዲዮው የሚቆረጠው ኪይፍሬም ማለትም በየተወሰነ ጊዜ የሚቀመጠው ሙሉ ምስል ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ለላይቭ ደግሞ ኪይፍሬሙን በየ2 ሰከንዱ ነው የምናስቀምጠው። የፈለጋችሁት ትንፋሽ ቀርቶ እስከ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ይጀምራል፣ የቀደመው "እንደገና" አብሮ ይገባል። ማጣሪያዎቹም በ`copy` አይሠሩም።

ስብከት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል

በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ወሳኙ ነገር መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ይሄን ቪዲዮ የሚቆርጥ ሰው ማስታወስ አለበት። ሰባኪው እንዲህ አለ እንበል፦ "ጸሎት ጊዜ ማባከን ነው፣ ከመጸለይ መሥራት ይሻላል..." ትንፋሽ ወሰደ። "...የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ።" የድምፅ ሞገዱ ላይ ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ ጥሩ መቁረጫ ይመስላል፤ ረጅም ዝምታ ነው። እዚያ ከቆረጣችሁ ሰባኪው ሊቃወም የመጣውን ነገር ሰበከ ማለት ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የአንድን አገልጋይ ስም ያጠፋል። ስለዚህ የቅንጫቢውን መጨረሻ ከወሰናችሁ በኋላ የሚቀጥሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሰምታችሁ እለፉ። "ይላሉ"፣ "ይመስላል"፣ "ግን" ከመጣ ገና አላለቀም።

መጀመሪያውም ወጥመድ አለው። "ስለዚህ"፣ "ታዲያ"፣ "ያም ሆኖ" ብሎ የሚጀምር ንግግር ከላይ የተባለ ነገር አለው። ደግሞ አማርኛ ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ደብቆ ይሄዳል። "ተነሣና ወደ አባቱ ሄደ" ሲል አዳራሹ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ከቁም ቪዲዮ የጀመረው ግን አያውቅም። ስሙ የተጠራበትን ዐረፍተ ነገር እስክታገኙ ወደ ኋላ ሂዱ። ካልተገኘ ርዕሱ ላይ ጻፉት፦ "ስለ ጠፋው ልጅ"።

ሰባኪው "አሜን?" ብሎ ሲጠይቅ ሕዝቡ ሳይመልስ አትቁረጡ። መልሱ ግን እንዲሰማ የአዳራሹ ድምፅ መቀዳት አለበት። ከሚክሰሩ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ውስጥ ሕዝቡ የለም፤ ሺህ ሰው "አሜን" ብሎ በቅጂው ላይ ፍጹም ዝምታ ይሆናል። እኛ ሁለት ማይክ ወደ ሕዝቡ አዙረን ሰቅለናል። ኦቢኤስ ድምፅን በስድስት ትራክ ለየብቻ መቅዳት ስለሚችል የአዳራሹን በሁለተኛው ትራክ እናስቀምጠዋለን። መጨረሻው ላይ እሱን ከፍ ማድረግ ነው፤ አሜኑና እልልታው ራሱ ማሳረጊያ ይሆናል።

ሰፊውን ምስል ማቆም

ከ1920 በ1080 ምስል ላይ ቁም ቅርጽ ስትወስዱ የሚደርሳችሁ 608 ፒክስል ስፋት ነው፤ ከአንድ ሦስተኛ ያነሰ። አሥራ ሁለት መዘምራን የተሰለፉበት ምስል እዚያ ውስጥ አይገባም። ለዚህ የሚሻለው አምልኮው ከመጀመሩ በፊት ከካሜራ ልጆቹ ጋር መነጋገር ነው። አንዱ ካሜራ መሪ ዘማሪዋን ከወገብ በላይ ይያዝ፣ መሃል ላይ ያድርጋት፣ አይወዛወዝ። ከላይ ባለው ትእዛዝ 700 የሚለው ቁጥር ከግራ ስንት ፒክስል ተትቶ እንደሚቆረጥ ነው። ትክክለኛው መሃል 656 ነው፤ ዘማሪዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ስለቆመች 700 ሆነ። ካሜራው በተቀየረ ቁጥር ይህ ቁጥር ስለሚለወጥ፣ ብዙ ካሜራ ያለበትን ቅንጫቢ ዳቪንቺ ሪዞልቭን በመሰለ ኤዲተር መሥራት ይቀላል። ምስሉ ከ608 ወደ 1080 ሲለጠጥ ትንሽ መደብዘዙ አይቀርም። ካሜራችሁ 4ኬ መቅዳት ከቻለ ለብቻው በካርድ ላይ አስቀዱት፤ ከዚያ ሲቆረጥ 1215 ፒክስል ስፋት ይገኛል፣ መለጠጥ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው የመዝሙሩ ግጥም ነው። ላይቩ ላይ ከታች የሚሄደው ጽሑፍ ምስሉ ላይ ተጣብቆ ከተቀዳ፣ ስትቆርጡ ግራና ቀኙ ይሄዳል። "...ግናለሁ ስምህ..." የሚል ይቀራል። መፍትሔው ጽሑፍ የሌለበትን ምስል ለይቶ መቅዳት ነው። ኦቢኤስ ላይ `Source Record` የሚባለው ተጨማሪ ይህን ያደርጋል፤ `ATEM Mini Pro ISO` ያላቸው ደግሞ እያንዳንዱ ካሜራ ለየብቻው ይቀዳላቸዋል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ፋይል የF9 ምልክቶቹ የሉትም፤ በማይኩ ድምፅ ከዋናው ቅጂ ጋር አስታርቁት። ከዚያ ግጥሙን እንደገና በሁለት አጭር መስመር ጻፉት። ፎንቱ ግዕዝ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፣ `Noto Sans Ethiopic` ነጻ ነው። ፎንቱ ፊደላችን ከሌለው ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ጽሑፉን እታች አታድርጉት፤ እዚያ የቻናሉ ስምና ርዕሱ ይሸፍነዋል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የላይክና የኮሜንት ምልክቶች አሉ። ከመሃል ዝቅ ብሎ፣ ከታችኛው ሩብ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ነጻ ነው።

ከመልቀቃችን በፊት

ቅንጫቢውን ወደ ስልክ ልኬ በስልኩ ስፒከር እሰማዋለሁ። በሄድፎን ያማረ ቤዝ በስልክ አይሰማም፤ ቃሉ ግን መሰማት አለበት። ከዚያ ተደጋግሞ እንዲጫወት እተወዋለሁ። ሾርትም ቲክቶክም ሲያልቁ ከመጀመሪያው ስለሚነሱ፣ መጨረሻው በድንገት ከተቆረጠ ሁለተኛው ዙር ላይ ጎልቶ ይሰማል።

ዩቲዩብ ከጥቅምት 2024 ወዲህ እስከ 3 ደቂቃ ያለውን ቁም ቪዲዮ እንደ ሾርት ይቀበላል። እኛ ግን ለመዝሙር አንድ አዝማች፣ ለስብከት አንድ ሐሳብ ይበቃናል። ለሁለት ሐሳብ ሁለት ቅንጫቢ ይሠራል።

ፈቃድም አለ። መዝሙሩ የሌላ ዘማሪ ሥራ ከሆነ በአዳራሽ መዘመሩ ለብቻው ቆርጦ የመልቀቅ መብት አይሰጥም፤ ዘማሪውን ወይም አሳታሚውን መጠየቅ ነው። የሚያለቅስ፣ ተንበርክኮ የሚጸልይ፣ እጅ ተጭኖበት የሚጸለይለት ሰው ፊት ከታየ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል ቪዲዮ ውስጥ አልፎ የሚሄድ ፊት በቅንጫቢ ውስጥ ሙሉ ስክሪን ይሆናል። ባለፈው አንዲት እናት በምላሽ ጸሎቱ ላይ በጣም ግልጽ ሆነው ታዩ፤ ቅጽበቱም ልብ የሚነካ ነበር። ሄጄ "እማማ፣ ይህን ብንለቀው ይፈቅዳሉ?" አልኳቸው። "የእኔና የጌታ ነው ልጄ፣ ተወው" አሉኝ። የመዘምራኑን የምስጋና መዝሙር ለቀቅን። ልጆች ሲታዩም ከወላጅ እንጠይቃለን፤ ወላጁ ካልተገኘ ያንን ፍሬም በሌላ ካሜራ እንተካዋለን፣ ለዚህም ነው የየካሜራው ቅጂ ቢያንስ እስከሚቀጥለው እሑድ የማይጠፋው።